ጠባብ ቤት፣ አንድ መስኮት፦ ለማስታወቂያ ፎቶ የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት ይነሳ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ሴት አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ታከራያለች። ክፍሉ 5.5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ሲሆን ወደ ምዕራብ ያያል። ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ማስታወቂያውን ለጠፈች። ደዋይ አልጠፋም። ችግሩ የሚጀምረው ሰው ሊያይ ሲመጣ ነው። እንግዳው በሩ ላይ ቆም ይልና ፎቶው ላይ ያየው ቤት ይኸው መሆኑን ይጠይቃታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም።

ፎቶዎቹንም አያይዛ ነበር። ከበሩ የተነሱት ላይ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይጮኻል፣ አልጋውና ሶፋው ደግሞ ጥላ ሆነው ቀርተዋል። በ0.5፣ ማለትም በስልኩ ሰፊ ሌንስ፣ የተነሱት ላይ ክፍሉ አዳራሽ መስሏል። ጥሩ ካሜራ መግዛት ይሻላት እንደሆነ፣ ወይስ ጥፋቱ የሰዓቱና የአቋቋሟ እንደሆነ ጠየቀች።

1ኛው መልስ ትህትና የተሞላበት ነው። መላሹ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም አለ። በ0.5 ማንሳቷ ትክክል ነው፤ ጠባብ ቤት ሙሉ በሙሉ የሚገባው በዚያ ብቻ ነው፤ የጎደላት ብርሃን ነውና አምፖሎቹን ሁሉ አብርታ ትድገመው ሲል መከራት። 2ኛው ይህንኑ ደግፎ አለፈ።

3ኛው ላይ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። መላሹ ለኪራይና ለሽያጭ የሚቀርቡ ቤቶችን ፎቶ በማንሳት የሚተዳደር ሰው ነው። ወዲያው መልስ አልሰጠም፤ መጀመሪያ ጠየቀ። በሩ መስኮቱን ፊት ለፊት ነው የሚያየው? አልጋው በየትኛው ግድግዳ በኩል ነው? ከመስኮቱ ማዶ ምን አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ለብዙዎቻችን ትርፍ መስላ ነበር።

4ኛው የጠያቂዋ ማብራሪያ ነው። በሩ በአንዱ አጭር ግድግዳ ላይ ነው፤ መስኮቱ በማዶኛው አጭር ግድግዳ መሃል። ሲገቡ በግራ በኩል ወዲያው ኪችኑ ይገኛል፤ ከእሱ አለፍ ብሎ ሶፋ። አልጋው በቀኝ ግድግዳ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ነጣ ያለ ቀለም የተቀባ ረጅም ሕንፃ አለ።

5ኛው የባለሙያው ረጅም መልስ ነው። እኔ ይህን ክር ለሰው የምጠቁመው በእሱ ምክንያት ነው። መስኮቷ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ የምትገባባት ከሰዓት በኋላ ነው አለ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ደማቅ የብርሃን ቁራጭ ይወድቃል፣ የቀረው ክፍል ይጨልማል፤ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስታረቅ አይችልም። ወደ ማታ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጠዋት ታንሳ። ጠዋት በዚያ መስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ስለት ያለው ጥላ አይጥልም። ማዶ ያለው ሕንፃ ነገር የመጣውም እዚህ ላይ ነው። የሕንፃው ፊት ወደ እሷ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ ያርፍበታል። ነጣ ያለ ስለሆነም ብርሃኑን መልሶ ወደ ክፍሏ ይልከዋል። ሕንፃው ቀይ ቢሆን ኖሮ ግድግዳዋ ሁሉ ቀላ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰዓት ይፈለግ ነበር። መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ቢያይ ምክሩ ይገለበጣል፤ ከሰዓት ይሆናል።

ስለ አቋቋም የተናገረው ከሰዓቱ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከበሩ ላይ ስትቆም ፊት ለፊቷ መስኮቱ ነው፤ ስልኩ በመስኮቱ ብርሃን ይለካና ክፍሉን ያጨልመዋል። እሱ ያለው፣ ወደ መስኮቱ ሂጂና ዞረሽ አንሺ ነው። በመስኮቱ በኩል ካሉት ሁለት ጥጎች በሶፋው ወገን ባለው ላይ ቆማ ወደ በሩ ቀኝ ጥግ ሰያፍ ብታይ፣ አልጋው ሙሉ ለሙሉ ይገባላታል። ብርሃኑ ከጎኗና ከኋላዋ ስለሚመጣ የአንሶላው እጥፋት ሳይቀር ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ፣ አልጋው ጎን፣ ተሻግራ በተቃራኒው ሰያፍ ብታነሳ ሶፋውንና ኪችኑን ታገኛለች። በሁለት ፎቶ ክፍሉ አለቀ። ሦስተኛዋን ከበሩ ታንሳ፤ ግን ስስ ነጭ መጋረጃ ዘርግታ። መጋረጃው የመስኮቱን ጩኸት ይቀንሳል፣ ብርሃኑንም ወደ ጎን ይበትነዋል።

6ኛው ምላሽ ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው ወንድሜ ብሎ ጀመረ እንጂ ድምፁ የወንድም አልነበረም። ሰው ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው መስኮት ነው፤ ባለሙያው የሚያስነሳት ግን የበር ፎቶ ነው አለ። ማስታወቂያ የሚከፈተው በመጀመሪያዋ ፎቶ ነውና በር እያሳየች ማንን ልትስብ ነው ሲል ጠየቀ። አነጋገሩ ባይጥመኝም ነጥብ አለው። 7ኛው ላይ ባለሙያው ሳይቆጣ መለሰ። የበሩ ፎቶ የመጀመሪያዋ ትሁን አላልኩም፤ ቅደም ተከተል ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ የተናገርኩት ክፍሉ ምን እንደሚመስል በትክክል ስለምታሳየው ፎቶ ነው አለ። ይህ ጭቅጭቅ እስከ መጨረሻው አልበረደም።

8ኛዋ ጸሐፊ አከራይ አይደለችም፣ ቤት ፈላጊ ናት። ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር። በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ሰፊ ሳሎን አይታ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሄዳለች። ፎቶው ላይ ጠርዝ ላይ የነበረው ፍሪጅ ቁም ሳጥን ያህል ወርድ ነበረው፤ ቤቱ ውስጥ ስታገኘው መደበኛ ትንሽ ፍሪጅ ነው። ሶፋዋ እንደማይገባ በሩ ላይ ሆና አወቀች። ከዚያ ወዲህ ጠርዙ የተለጠጠ ፎቶ ስታይ እንደማትደውል ጻፈች። የ1ኛው መልስ ሰጪ ምክር ሰውን በከንቱ የሚያመላልስ ነው ስትልም በቀጥታ ወቀሰችው።

9ኛው የተወቀሰው ሰው ነው። ማንንም የማታለል ሐሳብ የለኝም፤ ሌንሱ ያለውን ነው የሚያሳየው፣ የሌለ ግድግዳ አይፈጥርም አለ። ግማሽ እውነት አለው። ሌንሱ ምንም አይፈጥርም። የሚያደርገው ጠርዝ ያለውን መለጠጥና ሩቅ ያለውን ማራቅ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ርቀትን በዓይኑ ነው የሚገምተው።

10ኛው የባለሙያው ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥር አመጣ። የስልክ ዋናው ሌንስ ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ያያል። የ0.5ቱ ደግሞ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ጥግ ላይ የቆመ ሰው ከግራና ቀኙ የሚነሱት ሁለት ግድግዳዎች በመሃላቸው 90 ዲግሪ ነው ያላቸው። ስለዚህ 0.5 ጥግ ላይ ሲሆን ክፍሉ አልቆበት ትርፍ ያያል፤ ያ ትርፍ አጠገባችን ያለው ግድግዳ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚለጠጠውም እሱ ነው። በዋናው ሌንስ ከሁለቱም ጎን ጥቂት ይቆረጣል፤ ግን ይቆረጥ፣ የሚጠፋው ባዶ ግድግዳ ነው አለ። ክፍሉ እጅግ ጠቦ አልሆን ካለ ወደ 0.7 ገደማ ታድርገው፤ ያን ጊዜ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ጠርዝ ላይ ግን ፍሪጅ፣ ክብ ጠረጴዛ፣ የሶፋ እጀታ እንዳይቀር ትጠንቀቅ። አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ 0.7 ሲባል ስልኩ የ0.5ቱን ሌንስ ምስል ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ያ ሌንስ በብዙ ስልኮች ላይ ጨለማ ላይ ደካማ ነው። ጠዋት ይሠራል፣ ማታ ይጎረብጣል።

ሌላም ዘዴ ጨመረ። ስልክ ቀጭን ስለሆነ ስክሪኑ ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ ማስጠጋት ይቻላል፤ ሰውነት ግን አይቻልም። ስለዚህ ስልኩን ጥጉ ላይ አስጠግታ፣ የ3 ሰከንድ ታይመር አድርጋ፣ ራሷ ወደ ጎን ዘወር ብትል አንድ ክንድ ያህል ርቀት ታተርፋለች። በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ ይህ ትንሽ አይደለም።

11ኛው የራሱን ጉዳይ ይዞ መጣ። የእሱ ቤት መስኮት የሚከፈተው በሕንፃዎች መሃል ወዳለ ጠባብ የአየር መተላለፊያ ነው፤ ጠዋትም ማታም ያው ነው። ባለሙያው በአጭሩ መለሰለት። እንዲህ ያለ ቤት የሚያገኘው ብርሃን ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ይሞክር። ካልበቃ መስኮቱን ረስቶ ቤቱን በአምፖል ብቻ ያብራ፤ ሁሉም አምፖል ግን አንድ ዓይነት ቀለም ይኑረው።

የአምፖል ጠብ የተነሳው ከዚህ ነው። 12ኛው ላይ አንድ ሰው የ1ኛውን ምክር መልሶ አመጣው፦ መብራት ሲበራ ቤት ይደምቃል፣ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? 13ኛዋ ጸሐፊ በሙከራ መለሰችለት። ነጭ በር ባለበት ክፍል ቀን ላይ የተለመደውን ሞቅ ያለ አምፖል አብርታ አንድ ፎቶ፣ አጥፍታ ሌላ ፎቶ አንስታለች። በበራው ፎቶ ላይ የበሩ ላይኛ ግማሽ ብርቱካን መስሏል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ሰማያዊ። ስልኩ ከሁለቱ አንዱን ነጭ ለማድረግ ሲሞክር ሌላው ይበላሻል። በጠፋው ፎቶ ላይ በሩ ጠቆር ይበል እንጂ ነጭ ነው፤ ጠቆር ያለውን ማብራት ይቻላል፣ የተቀላቀለውን ቀለም ማስተካከል ግን የሰዓታት ሥራ ነው አለች። ምክንያቱን የሚፈልግ የአምፖሉን ካርቶን ይመልከት፦ ሞቅ ያለው 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ይላል፣ የቀን ብርሃን ግን ወደ 5500 ነው።

14ኛው ደግሞ ለጠያቂዋ ቤት ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ጠቆመ። ኪችኑ ከመስኮቱ አራት ሜትር ያህል ይርቃል። ብርሃን በርቀት ፈጥኖ ይደክማልና መብራት ሁሉ ቢጠፋ እዚያ ጥግ ጉድጓድ ይሆናል። ባለሙያውም ተስማማ። ኪችኗ ላይ ብቻ የቀን ብርሃን ቀለም ያለው፣ ከ5000 ኬልቪን የማያንስ፣ አምፖል ትተካ፤ የቀሩት ይጥፉ። ፎቶው ካለቀ በኋላ የድሮውን መመለስ ትችላለች። ስለ ስልክ ፍላሽ አንድ ሰው ጠይቆ ነበር፤ መልሱ በአንድ ድምፅ እንዳትነኪው የሚል ነበር።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ከመንገድ ወጡ። አንዱ ስለ መጋረጃ ማጠብ፣ ሌላው ቀጠሮ ይዘው ስለሚቀሩ ተከራዮች፣ ሦስተኛው ስለ መስኮት ማጠፊያ። 18ኛው ላይ የመድረኩ አስተናባሪ ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሰ።

19ኛው የአንድ በዕድሜ የገፉ አከራይ ነው። ብዙዎች ጋሼ ይሏቸዋል። በእርጋታ አንድ ነገር ብቻ አነሱ፦ ከፍታ። ቆመን በዓይናችን ልክ ስናነሳ ወለሉ እንዲገባ ስልኩን ወደ ታች እናዘነብለዋለን፤ ያን ጊዜ ግድግዳዎቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ ቤቱ የሚወድቅ ይመስላል። ስልኩን ወደ 1.2 ሜትር አውርዶ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው መፍትሔው። ኪችን ላይ ግን ትንሽ ከፍ ይበል፣ ወደ 1.4፤ የሥራ ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ 90 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ ከላይ ካልታየ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። መለኪያው የበሩ መቃን ነው አሉ። ስልኩ ላይ ግሪዱን አብሩትና የመቃኑን መስመር ከግሪዱ ቋሚ መስመር ጋር አስተያዩ፤ እኩል ካልሄዱ ስልኩ አዘንብሏል።

20ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ለጠፈች። ከሶፋው ጥግ የተነሳው እውነትም ሌላ ቤት ነው የሚመስለው። አልጋው ላይ ብርሃኑ ከግራ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይደክማል፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ የበሩ መቃን ቀጥ ብሏል። ከበሩ የተነሳው ግን አላስደሰታትም። መጋረጃው ተዘርግቶም መስኮቱ ዙሪያ ወተት የመሰለ ጭጋግ አለ። ደማቁንና ጨለማውን የሚያመጣጥነው HDR በርቷል፤ ምን ጎደለ?

21ኛው መላሽ ፎቶውን አተልቆ አየና ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ እንድትጠርግ ነገራት። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ደማቅ ነገር ሲያይ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ጭጋጉ ከመጋረጃው እንዳልመጣ የሚታወቀው መስኮቱን አልፎ ግድግዳው ላይ ስለፈሰሰ ነው። ይኸው ሰው ሌላም አየ። በጠፋው ቴሌቪዥን ጥቁር ገጽ ላይ ጠያቂዋ ስልክ ይዛ ቆማ ትታያለች። ጭንቅ የለውም፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትል ትጠፋለች።

22ኛው ባለሙያው ነው። HDR ብቻውን አይበቃም አለ። መስኮቱ ላይ ጣቷን ጫን አድርጋ ትያዝ፤ ብርሃኑ ሲቆለፍ ጣቷን ወደ ታች እየሳበች የመስኮቱ መስቀለኛ እንጨት እስኪለይ ታጨልመው። ክፍሉ ያን ጊዜ መጨለሙ አይቀርም፤ በኋላ በማስተካከያ ጥላውን ብቻ ከፍ ታድርግ። ጨለም ያለ ፎቶ ውስጥ ዝርዝሩ አለ፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መስኮት ውስጥ ግን ምንም የለም። ገደብም አለው፤ ጥላው ከልክ በላይ ሲነሳ ግድግዳው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይወጣል። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ትራይፖድ ላይ ሁለት ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ይሻላል።

23ኛዋ ቤት ፈላጊዋ ናት፤ ከፊተኛው ረጋ ብላለች። ጥላ ማንሳቱን አትቃወምም። እድፍ ማጥፋትን፣ የመስኮቱን እይታ በሌላ መተካትን፣ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል ለፎቶ ብቻ ጠባብ አልጋ ማስገባትን ግን ማታለል ትለዋለች። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። አልጋ ፎቶ ውስጥ መለኪያ ነው፤ ሰው የክፍሉን ስፋት የሚገምተው ከሚያውቀው ዕቃ ተነስቶ ነው። መለኪያውን የቀየረ ሁሉንም ቀየረ።

24ኛው፣ ያ የ6ኛው ቁጡ ሰው፣ የመጀመሪያዋ ፎቶ ጉዳይ እንዳልተፈታ አስታወሰ። ሐሳብም አቀረበ፦ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ካየ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለምን አይነሳም? ባለሙያው በዚህ ተደሰተ። ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ የውጭው ብርሃን ወደ ክፍሉ ብርሃን ይቀርባል፤ ያን ጊዜ ሞቅ ያሉ አምፖሎች ቢበሩም አያስጠሉም፣ መስኮቱም አይቃጠልም። ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ደቂቃዎች ሲያልፉ መስኮቱ ጥቁር መስታወት ይሆናል። ስልኩ ቀድሞ ትራይፖድ ላይ ተተክሎ መጠበቅ አለበት። ለመጀመሪያ ፎቶነት ግን የጠዋቱን ነው የምመርጠው አለ፤ ምክንያቱም ሰው ቤቱን ሊያይ የሚመጣው በአብዛኛው ቀን ነው።

ቁጡው ሰው አልተቀበለውም። ጋሼ በሁለቱም አልተስማሙም፤ መጀመሪያ የኪችኑ ይሁን አሉ። ጠያቂዋ ለጊዜው የአልጋውን ፎቶ አስቀድማ፣ የምሽቱን አስከትላ፣ የክፍሉን ልኬት ከሥሩ ጽፋ ማስታወቂያውን እንደምታድስ ነገረች። ቤት ፈላጊዋ ደግሞ በእጅ የተሣለ የወለል ንድፍም ፎቶ አንስታ እንድትጨምር ጠየቀቻት፤ በሩ፣ መስኮቱና ኪችኑ የት የት እንዳሉ ከታየበት ንጹሕ ባይሆንም ይበቃል ብላ።